4.8 ጊጋ የሆነ የሰርግ ቪዲዮ በሞባይል ዳታ እንዲደርስ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሰርግ እቀርጻለሁ። አንድ የ40 ደቂቃ ቪዲዮ አቀናብሬ ሳወጣው 4.8 ጊጋ ሆነ። የሙሽራዋ ወንድም ጅዳ ነው፤ አያቷና ዘመዶቿ ደግሞ ወግዲ ገጠር ናቸው። በዳታ ልላክ ብል አልሄድ አለኝ። ዚፕ ባደርገውም አልቀነሰም። ወደ ምን ፎርማት ልቀይረው? ቢትሬቱንስ ስንት ላድርገው?»

ወንድሜ፣ ፎርማቱን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ የምትወስነው ፋይሉ ስንት ሜጋባይት እንዲሆን እንደምትፈልግ ነው። እሱን ከወሰንክ ቢትሬቱ በሒሳብ ይወጣል። ቢትሬቱ ከታወቀ ደግሞ የትኛው ሪዞሉሽን እንደሚያዋጣ ግልጽ ይሆናል። ብዙ ሰው ከኋላ ወደፊት ይሄዳል። መጀመሪያ 720p ይመርጣል፣ ቢትሬቱን ፕሮግራሙ እንዳስቀመጠው ይተወዋል፣ ከዚያ ፋይሉ ለምን እንዳልቀነሰ ግራ ይገባዋል።

የቪዲዮ ፋይል ክብደት የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በርዝመቱና በቢትሬቱ። ቢትሬት ማለት ለእያንዳንዱ ሰከንድ የተመደበ የዳታ መጠን ነው። የምስሉን ስፋት ብትቀንስና ቢትሬቱን ባትነካ፣ ፋይሉ ያው ነው። ያንተን ቪዲዮ እንየው። 40 ደቂቃ 2400 ሰከንድ ነው። 4.8 ጊጋባይቱን ወደ ቢት ቀይረህ ለዚህ ስታካፍለው በሰከንድ 16,000 ኪሎቢት ይመጣል። ይህ ለቴሌቪዥንና ለፍላሽ የሚሆን ጥራት ነው። ለሞባይል ዳታ ግን አልታሰበም።

ዚፑ ያልሠራልህም ያለምክንያት አይደለም። ቪዲዮው ካሜራው ውስጥ እያለ አንዴ ታምቋል፣ ስታቀናብረው ደግሞ እንደገና ታምቋል። ዚፕ የሚሠራው ተደጋጋሚ ነገር ፈልጎ በማሳጠር ነው፤ በታመቀ ቪዲዮ ውስጥ ደግሞ የሚያሳጥረው ነገር አያገኝም። MOV የነበረውን MP4 ማድረግም እንዲሁ ነው። MP4 እና MOV መያዣዎች ናቸው። በውስጣቸው ያለው ምስል ካልተነካ፣ መያዣውን ብቻ ብትቀይር ክብደቱ አይወርድም።

አሁን ኢላማውን እናስቀምጥ። ለዚህ የኔትወርክህን የመላኪያ ፍጥነት ማወቅ አለብህ። የማውረጃውን አይደለም፣ የመላኪያውን። በሞባይል ዳታ ብዙ ጊዜ መላኪያው ከማውረጃው ይዘገያል። ቀላሉ መንገድ 10 ሜጋባይት የሚሆን ፋይል ላክና ሰዓት ያዝ። በ80 ሰከንድ ከሄደ ፍጥነትህ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ነው። 10 ሜጋባይት 80 ሜጋቢት ስለሆነ ነው። ባይትና ቢት እንዳይምታቱብህ፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። የፋይል ክብደት በባይት ይጻፋል፣ የኔትወርክ ፍጥነት ደግሞ በቢት ይነገራል።

በዚህ ፍጥነት 4.8 ጊጋው ሳይቆራረጥ ቢሄድ እንኳ 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ አልሄድ ማለቱ አይገርምም። ፋይሉን 200 ሜጋባይት ብታደርሰው ግን 27 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ወግዲ ያሉት ሰዎች የሚያወርዱት ደግሞ በግማሽ ሜጋቢት ነው ብንል፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሳሉ። እኔ ለአንድ የሰርግ ቪዲዮ ከዚህ በላይ ባይከብድ እመርጣለሁ። ተቀባዩም የሚከፍለው ከራሱ ጥቅል ነው። እኛ ስንልክ ይህን እንረሳዋለን።

200 ሜጋባይቱን ወደ ቢትሬት እንቀይረው። 200 ሲባዛ በ8፣ 1600 ሜጋቢት ወይም 1,600,000 ኪሎቢት ነው። ለ2400 ሰከንድ ስታካፍለው 667 ይሆናል። ከዚህ ላይ ለድምፁ 64 ቀንስለት። የቀረውን ወደ 600 ዝቅ አድርገው፤ መያዣው ራሱም ትንሽ ቦታ ይወስዳልና መጠባበቂያ ይሆናል። የምስልህ ቢትሬት በሰከንድ 600 ኪሎቢት ነው ማለት ነው።

በ600 ኪሎቢት ፉል ኤችዲ አታውጣ። ፉል ኤችዲ ከ480p አምስት እጥፍ የሚሆን ነጥብ አለው። ለአንድ ትሪ የተሠራ ወጥ ለአምስት ትሪ ሲከፈል እንጀራው ሁሉ ደረቅ እንደሚሆን፣ ያ ትንሽ ዳታ በዚያ ሁሉ ነጥብ ላይ ሲበተን ምስሉ ካሬ ካሬ ይሠራል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ላይ ላይታይህ ይችላል። ጭፈራው ሲጀመር ግን ፊቶቹ ይበጣጠሳሉ። በዚያው 600 ላይ 480p ብታወጣው፣ ማለትም ወርዱ 854 ቁመቱ 480 ሲሆን፣ በስልክ ስክሪን ላይ ንጹህ ሆኖ ይታያል። የሚያዩት በስልክ መሆኑን አትርሳ። በኮምፒውተርህ ትልቅ ስክሪን ላይ ለጥጠህ አይተህ አትፍረድበት።

ፍሬሙንም እይ። በሰከንድ 50 ፍሬም ቀርጸህ ከሆነ ወደ 25 አውርደው። 60 ከሆነ ወደ 30። ሁለት ለአንድ ስለሚከፈል እንቅስቃሴው ሳይዘል እኩል ይሄዳል። 50ውን ወደ 30 ካወረድከው ግን ፍሬሞቹ እኩል አይካፈሉም፤ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ እየዘለለ ይሄዳል። በሰከንድ ያሉት ፍሬሞች በግማሽ ሲቀንሱ ያው 600 ኪሎቢት ለእያንዳንዱ ምስል እጥፍ ይደርሰዋል። የፋይሉ ክብደት አይለወጥም፤ ጥራቱ ግን ይጨምራል።

ወደ ፎርማቱ እንምጣ። MP4 መያዣ፣ ምስሉ በH.264፣ ድምፁ በAAC ማመቂያ ይታመቅ። ለተቀላቀለ ተመልካች ከዚህ የሚሻል የለም። H.265 የሚባለው አዲሱ አለ። በተመሳሳይ ጥራት ሲሶ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ችግሩ የተቀባዩ ስልክ ነው። አሮጌና ርካሽ ስልክ ላይ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ወይም እየተንተባተበ ስልኩን ያሞቀዋል። የጅዳው ወንድም ስልኩ አዲስ ከሆነ ለእሱ በH.265 ልትልክለት ትችላለህ። የአያቲቱን ግን በማን ስልክ እንደሚያሳዩአቸው አታውቅም። አንድ ሰዓት ጠብቀው ያወረዱት ቪዲዮ ጥቁር ሆኖ ከሚጠብቃቸው፣ ትንሽ ከብዶ የሚከፈት ይሻላል።

ኮምፒውተር ስላለህ HandBrake የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ተጠቀም። መጀመሪያ የምታስገባለት ዋናው 4.8 ጊጋ ፋይል ይሁን። አንዴ በቴሌግራም ተልኮ የተመለሰውን አታስገባ። በታመቀ ላይ ማመቅ የተበላሸውን ጭምር እንደ ምስል ቆጥሮ ዳታ ያባክንበታል።

Summary ላይ Format የሚለውን MP4 አድርግና Web Optimized የሚለው ላይ ምልክት አድርግ። ይህቺ ትንሽ ምልክት ለዘገየ ኔትወርክ ትልቅ ጥቅም አላት። MP4 ፋይል የራሱ ማውጫ አለው፤ ተጫዋቹ ማውጫውን ሳያነብ ምስል አያሳይም። ሳይነገረው ሲቀር ማውጫው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ሊጻፍ ይችላል። Web Optimized ሲሆን ወደ መጀመሪያው ይመጣል። ስለዚህ የሚያስችለው መተግበሪያ ላይ ቪዲዮው ገና እየወረደ እያለ መታየት ይጀምራል።

Dimensions ላይ ስፋቱን 854 በ480 ገድብ። Video ላይ H.264 (x264) ምረጥ፤ Framerate 25 ይሁን፣ በ60 ወይም በ30 ቀርጸህ ከሆነ ደግሞ 30፤ ከሥሩም Constant Framerate። በተለይ በስልክ የተቀረጸ ክሊፕ ከቀላቀልክ ይህን አትለፈው። ስልክ ብርሃን ሲያንሰው ፍሬሙን እያፋጠነና እያዘገየ ይቀርጻል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁና ከንፈሩ ቀስ በቀስ ይለያያሉ።

ቀጥሎ Avg Bitrate ምረጥና 600 ጻፍ። ከሱ ጎን Constant Quality የሚል አለ። እሱ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለዚህ ጉዳይ አይሆንም። ጥራቱን አንተ ትወስናለህ፣ ክብደቱን እሱ ይወስናል። ጭፈራ የበዛበት ሰርግ ሲያጋጥመው ካሰብከው እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ክብደቱ ላይ ገደብ ያለበት ሰው አማካይ ቢትሬት ነው የሚያዋጣው። ከዚያ Multi-Pass Encoding የሚለውን አብራ፤ በቆዩት ቅጂዎች ላይ 2-Pass ይላል። ፕሮግራሙ አንዴ ቪዲዮውን ሁሉ አይቶ የት እንደሚከብድ ይመዘግባል። በሁለተኛው ዙር ከቀላሉ ቦታ ቆጥቦ ለከባዱ ይሰጣል። ጊዜ ይወስዳል፤ በእንዲህ ያለ ዝቅተኛ ቢትሬት ግን ልዩነቱ በዓይን ይታያል። Audio ላይ AAC፣ 64፣ Mono። በስልክ ስፒከር ለሚሰማ ዘፈንና ሆታ፣ በ64 ከተጨናነቀ ስቴሪዮ ንጹህ ሞኖ ይሻላል።

እንግዲህ ሁሉንም ከማውጣትህ በፊት 30 ሰከንድ ብቻ ሞክር። HandBrake ላይ Range የሚለውን Seconds አድርገህ የምትፈልገውን ቦታ መቁረጥ ትችላለህ። ቀላሉን ቦታ አትምረጥ። እስክስታው የደራበትን፣ ሰዉ የተጨናነቀበትን፣ መብራቱ የደከመበትን ምረጥ። ወደ ስልክህ አሳልፈውና በእጅህ ይዘህ እየው። ፊት ካሬ ካሬ ከሠራ፣ ወይም ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ዙሪያው እንደ ጭቃ ከተለወሰ ቢትሬቱ አንሶታል። ቢትሬት መጨመር ካልቻልክ ሪዞሉሽኑን ወደ 360p ዝቅ አድርግ። የደበዘዘ ግን ያልተበጣጠሰ ምስል ለዓይን ይቀላል።

የማታው ቀረጻ ላይ ሌላ ነገር ታያለህ። በደከመ መብራት ስትቀርጽ ግድግዳውና ጥቁሩ ልብስ ላይ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ አለ። ማመቂያው ያን ነጠብጣብ ከጥለት አይለየውም። እያንዳንዱን ለመጠበቅ ይጥርና ፊቱ የሚያስፈልገውን ዳታ ይበላበታል። Filters ውስጥ Denoise የሚለውን hqdn3d፣ Light አድርግለት። ከLight በላይ አትውጣ፤ የቀሚሱ ጥለትና የሂናው ሥዕል አብሮ ይጠፋል።

ጽሑፍህንም እይ። የሙሽሮቹን ስም በቀጭን ፊደል አሳንሰህ ከጻፍከው፣ 480p ላይ የፊደሉ እግርና ቀለበት ይዋጣል። «ቡ» ይሁን «ቢ» አይለይም። ቀድመህ ስታቀናብር ወፍራም ፊደል ተጠቀም፤ ቁመቱንም ከምስሉ ቁመት ከአሥራ አምስት አንድ እጅ አታሳንሰው።

አሁን አንድ ምክር ልጨምር፤ ለገጠሩ ኔትወርክ ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸው ይመስለኛል። 40 ደቂቃውን በአንድ ፋይል አትላከው። በዝግጅቱ ክፍል ከፋፍለው። ስትከፋፍለው ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቢትሬት አትስጥ። ያንተ ቪዲዮ ኒካሁ 12 ደቂቃ፣ ምሳውና ሰላምታው 10፣ ጭፈራው 12፣ ሽኝቱ 6 ነው እንበል። ኒካሁ ላይ ሰዉ ተቀምጧል፣ ካሜራው ቆሟል፤ 400 ይበቃዋል። ከድምፁ ጋር 42 ሜጋባይት ይሆናል። ምሳው ላይ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ 500 ስጠው፣ እሱም 42 ይመጣል። ሽኝቱን 600 ላይ ተወው፤ 30 ሜጋባይት ነው። ከእነዚህ የተረፈውን ለጭፈራው አድርገው፤ 850 ይደርሰዋል፣ 82 ሜጋባይት ይሆናል። ድምሩ 196 ነው። ያው 200 ሜጋባይት ነው፣ ጭፈራው ግን በ600 ከሚያገኘው በጣም የተሻለ ጥራት አገኘ።

ከፋፍለህ ስትልክ ኔትወርኩ መሃል ላይ ቢቋረጥ የሚቀረው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ወግዲ ያሉት ሰዎችም መጀመሪያ ኒካሁን አውርደው እያዩ፣ ሌላውን ጥቅል ሲሞሉ ያወርዱታል። ላንተም ይጠቅምሃል። ቪዲዮው እየወጣ መብራት ቢጠፋና ኮምፒውተሩ ቢዘጋ፣ ያልተጠናቀቀ MP4 ማውጫው ስላልተጻፈ አይከፈትም። አራቱን ክፍሎች HandBrake ላይ በQueue ብትደረድራቸው ያለቁት ይተርፉልሃል።

የጅዳው ወንድም ዋይፋይ ካለው የተሻለውን እንዲያይ 720p ልታወጣለት ትችላለህ። ምስሉ 1500፣ ድምፁ 128 ሲሆን 40 ደቂቃው 488 ሜጋባይት ይመጣል። ነገር ግን የእሱ ዋይፋይ ፈጣን መሆኑ ያንተን መላኪያ አያፈጥነውም። በ1 ሜጋቢት ከደሴ ለመውጣት አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። የሌሊት ጥቅል ገዝተህ ሌሊት ብታደርገው ኔትወርኩም ይቀልልሃል፣ ዋጋውም ይረክሳል።

ስትልክ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክ። እንደ ቪዲዮ ካስገባኸው ስልኩ በራሱ መንገድ እንደገና ሊያምቀው ይችላል፤ ያን ሁሉ ልክክ አድርገህ ያወጣኸው ቢትሬት ከንቱ ይሆናል። ዋትስአፕ ላይም ከጋለሪ ሳይሆን በዶክመንት በኩል አስገባው። ደርሶ እንደሆነ ለማረጋገጥ የተላከውን ራስህ አውርደህ ክብደቱን ከዋናው ጋር አስተያይ። 82 የነበረው 35 ሆኖ ከተገኘ ታምቋል ማለት ነው።

ለብዙ ዘመድ የምትልክ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ አዲስ አታያይዝ። አንዴ ወደ Saved Messages አስገባውና ከዚያ ፎርዋርድ አድርግላቸው። ፎርዋርድ ሲሆን ፋይሉ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ ካንተ ስልክ እንደገና አይወጣም። ለሃያ ሰው ብታደርሰው የሚቆረጥብህ የአንዱ ዳታ ነው።

ኮምፒውተር አጠገብህ በሌለ ጊዜ በስልክህ ማቀናበሪያም ያንኑ መንገድ ተከተል። ሪዞሉሽኑን 480p፣ ፍሬሙን 25 ወይም 30 አድርግ። ቢትሬት በቁጥር የሚያስገባ ካለው ያወጣኸውን ቁጥር ጻፍ። «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ብቻ የሚል ከሆነ በዝቅተኛው አንድ ደቂቃ አውጣና ክብደቱን እይ። ለ200 ሜጋባይቱ ኢላማ አንድ ደቂቃ ከ5 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ሪዞሉሽኑን አንድ ደረጃ አውርደህ ድገመው።

4.8 ጊጋውን ፋይል ግን እንዳታጠፋው። ከ600 ኪሎቢት ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ የጠፋው ዝርዝር ጠፍቷል። ፍላሽ ላይ አድርገህ ለሙሽሮቹ ስጣቸው፣ አንዱን ቅጂም አንተ ጋ አስቀምጥ። ወደ ወግዲ የሚሄድ ዘመድ ከተገኘም አራቱን ክፍሎች በሚሞሪ ካርድ ብትልክለት፣ እዚያ ያሉት ከስልክ ስልክ ያለ ዳታ ይቀባበሉታል።